የቲኤልቢ ሂት ሬሾ ሲሰጣችሁ ኢፌክቲቭ አክሰስ ታይምን ደረጃ በደረጃ ማስላት

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚማሩ ልጆችን አስጠናለሁ። ፈተና በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። ደብተሩ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና፣ «ጋሼ፣ ሂት ሲሆን ሜሞሪውን አንዴ እንደምራለን፣ ሚስ ሲሆን ግን ለምን ሁለቴ?» ይሉኛል። ፎርሙላውን በቃላቸው ይዘውታል። ጥያቄው ትንሽ መልኩን ሲቀይር ግን የትኛውን ቁጥር የት እንደሚያስገቡ ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ መልሱን አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ከዚህ በታች ያለውን አሠራር ከተከተላችሁ ፎርሙላ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። ሁለት መንገዶችን ትጽፋላችሁ፣ የእያንዳንዱን ዋጋ ትደምራላችሁ፣ ከዚያ በሂት ሬሾው ትመዝናላችሁ። ሥራው ይኸው ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ በቀጥታ አትሞክሩት፤ መንገዶቹን በእጅ መጻፍ አለባችሁ።
- ተራ ካልኩሌተር።
- ከጥያቄው የሚወጡ ሦስት ቁጥሮች፦ ሂት ሬሾ፣ ቲኤልቢውን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ እና ሜሞሪን አንዴ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ።
- ፔጅ ቴብሉ ስንት ደረጃ እንዳለው። ጥያቄው ስለዚህ ምንም ካላለ አንድ ደረጃ ነው ብላችሁ ያዙ።
- መልሳችሁን በኮምፒውተር ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፓይተን። ግዴታ አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩን በዓይነ ሕሊና ማየት

ፒያሳ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅ አስቡ። ዕቃ ሲያስፈልግ አዘዞ ካለው መጋዘን ሄዶ ያመጣል። መጋዘኑ ብዙ መደርደሪያ አለው። የትኛው ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገር ትልቅ መዝገብም አለ። ችግሩ መዝገቡም የሚቀመጠው እዚያው አዘዞ መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ ደግሞ አንድ ደንብ አለው። በአንድ ጉዞ የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወይ ከመዝገቡ አንድ መስመር፣ ወይ አንድ ዕቃ።

ስለዚህ ልጁ የመደርደሪያውን ቁጥር ካላወቀ ሁለት ጊዜ አዘዞ ይሄዳል። አንዴ መዝገቡን ለማየት፣ አንዴ ዕቃውን ለማምጣት። ይህ ቢሰለቸው በኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ይይዛል። በቅርቡ ያያቸውን የመደርደሪያ ቁጥሮች እዚያ ላይ ይጽፋል። የሚፈልገው ቁጥር ኪሱ ውስጥ ከተገኘ አንድ ጉዞ ብቻ ይበቃዋል።

ልጁ ፕሮሰሰሩ ነው። መጋዘኑ ሜሞሪ ነው። መዝገቡ ፔጅ ቴብል ነው፤ ለእያንዳንዱ ፔጅ በየትኛው ፍሬም እንደተቀመጠ ይናገራል። የኪሱ ማስታወሻ ደግሞ ትራንስሌሽን ሉክአሳይድ በፈር፣ በአጭሩ ቲኤልቢ ነው። ቁጥሩ እዚያ ሲገኝ ሂት፣ ሲታጣ ሚስ እንላለን፤ ሂት ሬሾ ማለት ከጠቅላላው ፍለጋ ሂት የሆነው ድርሻ ነው። ቲኤልቢ ትንሽና ፈጣን ነው። የፔጁን ቁጥር ሲቀበል ማስታወሻው ላይ ካለው ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ ያነጻጽራል። የሚይዘው ግን ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥራዎች እስከ አንድ ሺህ ገደማ መስመር።

ይህን ምስል አትርሱት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ቁጥር ከዚህ ይወጣል።

ደረጃ 1፦ የተሰጣችሁን ጻፉ፣ መለኪያውን አንድ አድርጉ

የምንሠራው ጥያቄ እንዲህ ይላል እንበል። ቲኤልቢውን ማየት 5 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። ሜሞሪን አንዴ መድረስ 80 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። ሂት ሬሾው 90 በመቶ ነው። ኢፌክቲቭ አክሰስ ታይሙ ስንት ነው?

ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ጻፉት፦

```
e = 5 ns
m = 80 ns
h = 0.90
1 - h = 0.10
```

90 በመቶውን ወዲያውኑ ወደ 0.90 ቀይሩት። ሚሱንም፣ ማለትም 0.10ን፣ እዚሁ ጻፉት። ይህን ለምን እላለሁ? ኋላ በስሌቱ መሃል 1 ሲቀነስ 0.90 ሲባል 0.01 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሂትና ሚስ ሲደመሩ 1 መሆን አለባቸው። እዚህ ጋ አረጋግጡና ወደፊት ሂዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ጥያቄ ሜሞሪውን በናኖ ሰከንድ፣ ሌላውን በማይክሮ ሰከንድ ይሰጣል። 1 ማይክሮ ሰከንድ 1000 ናኖ ሰከንድ ነው። ሳትቀይሩ አትደምሩ።

ደረጃ 2፦ የሂትን መንገድ ጻፉ

ልጁ ኪሱን ያያል። ቁጥሩ አለ። አዘዞ ሄዶ ዕቃውን ያመጣል። ስለዚህ፦

```
hit = e + m
    = 5 + 80
    = 85 ns
```

እዚህ ጋ የሚሠራው ስሕተት ሂትን 5 ብቻ ማለት ነው። «ቲኤልቢ ውስጥ ተገኘ አይደል? ታዲያ አለቀ» ይላሉ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ግን ዕቃው አይደለም፤ ዕቃው ያለበት ቦታ ቁጥር ነው። ዕቃው አሁንም አዘዞ ነው። ቲኤልቢ የሚሰጠው የፍሬም ቁጥር ነው። ዳታውን ለማግኘት ሜሞሪ መሄድ ግድ ነው።

ይህ ስሕተት የሚመጣው ቲኤልቢን ከካሽ ጋር ከማምታታት ነው። ካሽ ዳታውን ራሱን ይይዛል። ቲኤልቢ የያዘው አድራሻ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ የሚስን መንገድ ጻፉ

ልጁ ኪሱን ያያል። ቁጥሩ የለም። አዘዞ ሄዶ መዝገቡን ያያል። ከዚያ እንደገና ሄዶ ዕቃውን ያመጣል።

```
miss = e + m + m
     = 5 + 80 + 80
     = 165 ns
```

የልጆቹ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ሁለተኛው 80 የመጣው መዝገቡ፣ ማለትም ፔጅ ቴብሉ፣ ራሱ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ሁለተኛ ጉዞ ባላስፈለገ። ግን ትልቅ ስለሆነ አይችልም። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው ፔጅ ቴብሉ ከየት እንደሚጀምር ብቻ ነው፤ ይህን አንድ አድራሻ በሬጂስተር ይይዘዋል።

መጀመሪያ ላይ ያለችውን 5ም አትጣሉ። ልጁ ኪሱ ውስጥ ቁጥሩ እንደሌለ ያወቀው አይቶ ነው። ማየቱ ጊዜ ወስዷል። ባይገኝም የፍለጋው ዋጋ ተከፍሏል።

ከሚስ በኋላ አዲሱ ቁጥር ቲኤልቢ ውስጥ ይጻፋል። ከሞላ አንድ የቆየ ይወጣና ቦታውን ይለቃል። ለመጻፊያው የሚፈጀውን ጊዜ ጥያቄው ካልሰጣችሁ አትጨምሩት።

ደረጃ 4፦ በሂት ሬሾው መዝኑ

አሁን ሁለት ዋጋ አላችሁ፤ 85 እና 165። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይቻልም። ለምን? እኩል ስለማይከሰቱ። ከ100 ዕቃ 90ው በ85 ይመጣል፣ 10ሩ በ165። ኢፌክቲቭ አክሰስ ታይም፣ በአጭሩ EAT፣ የምንለው የእነዚህን አማካይ ነው።

```
EAT = 0.90 × 85 + 0.10 × 165
    = 76.5 + 16.5
    = 93 ns
```

ይህ ቁጥር ግልጽ ካልሆነላችሁ በ100 አባዙት። 90 ጊዜ 85 ማለት 7650 ነው። 10 ጊዜ 165 ደግሞ 1650። ድምሩ 9300 ናኖ ሰከንድ፣ ለ100 ዕቃ። ለአንዱ 93። በአስርዮሽ ነጥብ ለሚደናገር ሰው ይህ መንገድ ይቀለዋል፤ መልሱ ያው ነው።

ልብ በሉ፣ 93 ናኖ ሰከንድ የፈጀ ዕቃ በእውነት አንድም የለም። ወይ 85 ነው ወይ 165። 93 አማካዩ ነው።

ደረጃ 5፦ መልሱን በሌላ መንገድ ፈትሹ

ሂትም ይሁን ሚስ፣ ኪስ ማየትና አንድ ጉዞ መቼም አይቀሩም። ሚስ ሲሆን ብቻ አንድ ተጨማሪ ጉዞ ይመጣል። ስለዚህ፦

```
EAT = e + m + (1 - h) × m
    = 5 + 80 + 0.10 × 80
    = 93 ns
```

ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ካልሰጡ አንዱ ላይ ተሳስታችኋል። እኔ ፈተና ላይ ለመፈተሻ የምመክረው ይህን ነው፤ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

ሌላም መፈተሻ አለ። መልሱ ሁልጊዜ በሂቱ ዋጋና በሚሱ ዋጋ መካከል መውደቅ አለበት። ከ85 ካነሰ ወይም ከ165 ከበለጠ ስሕተት ነው። ሂት ሬሾው 90 በመቶ ስለሆነ ደግሞ ወደ 85 መጠጋት አለበት። 93 ይጠጋል። 157 ብታገኙስ? ይህ ሂትና ሚስን አገላብጣችሁ ስታባዙ የሚመጣ ቁጥር ነው።

ደረጃ 6፦ ጥያቄው «ምን ያህል ዘገየ?» ካለ

እዚህ ጋ ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ ማወቅ አለባችሁ። ሁለት ማወዳደሪያ አለ፤ ሁለቱ የሚሰጡት መልስ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

አንደኛው ትርጉም የማያስፈልገው ሜሞሪ ነው፤ 80 ናኖ ሰከንድ። ከዚህ አንጻር 13 ዘግይቷል። 13ን ለ80 ስናካፍል 16.25 በመቶ መዘግየት ይሆናል።

ሁለተኛው ቲኤልቢ የሌለው ፔጂንግ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ጉዞ፤ 160 ናኖ ሰከንድ። ከዚህ አንጻር 67 ናኖ ሰከንድ ተርፏል። 67 ለ160 ሲካፈል 41.9 በመቶ ገደማ ነው።

ማካፈል ያለባችሁ በማወዳደሪያው ነው፣ በ93 አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ደረጃ 7፦ ሂት ሬሾው ካልተሰጣችሁ ቁጠሩት

በደንብ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሂት ሬሾ ከሰማይ የሚወርድ ቁጥር የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የፕሮግራሙ አካሄድ ነው የሚወስነው። ያው ማሽን፣ ያው ቲኤልቢ፣ ያው ዳታ ሆኖ፣ የሉፑ ቅደም ተከተል ብቻ ሲቀየር ሬሾው ከላይ እስከ ታች ሊወርድ ይችላል።

1024 ረድፍና 1024 ዓምድ ያለው የኢንቲጀር ሠንጠረዥ ውሰዱ። አንድ ኢንቲጀር 4 ባይት ነው። አንድ ፔጅ 4096 ባይት ነው። አንድ ረድፍ 1024 ጊዜ 4፣ ማለትም 4096 ባይት ይሆናል። ሠንጠረዡ ከፔጅ መጀመሪያ ላይ ከጀመረ አንድ ረድፍ ልክ አንድ ፔጅ ነው። ቲኤልቢው 64 መስመር አለው፤ ሲሞላም ከተነካ ብዙ የቆየውን ያወጣል እንበል። ሠንጠረዡን ስንጀምር ቲኤልቢው ባዶ ነው። የምንቆጥረው የሠንጠረዡን ንባብ ብቻ ነው።

በሲ ቋንቋ ረድፍ በረድፍ ሲነበብ፦

```c
for (i = 0; i < 1024; i++)
    for (j = 0; j < 1024; j++)
        sum += a[i][j];
```

የመጀመሪያው ረድፍ የመጀመሪያ ቁጥር ሚስ ነው። ልጁ መዝገቡን አየ፣ ኪሱ ላይ ጻፈ። የቀሩት 1023 ቁጥሮች እዚያው ፔጅ ላይ ስለሆኑ ሁሉም ሂት ናቸው። ሁለተኛው ረድፍም እንዲሁ፤ አንድ ሚስ፣ 1023 ሂት። ስለዚህ ሂት ሬሾው 1023 ለ1024፣ ማለትም 99.9 በመቶ ገደማ ነው።

```
EAT = 5 + 80 + (1/1024) × 80
    ≈ 85.08 ns
```

አሁን ሁለቱን ሉፕ አገላብጡ። ዓምድ በዓምድ፦

```c
for (j = 0; j < 1024; j++)
    for (i = 0; i < 1024; i++)
        sum += a[i][j];
```

የመጀመሪያው ንባብ ፔጅ 0 ላይ ነው፣ ሁለተኛው ፔጅ 1፣ ሦስተኛው ፔጅ 2። እንዲህ እያለ 1024 የተለያዩ ፔጆችን ይነካል። ቲኤልቢው ግን የሚይዘው 64 ብቻ ነው። ፔጅ 64 ሲመጣ ፔጅ 0 ይወጣል። ፔጅ 65 ሲመጣ ፔጅ 1 ይወጣል። ዓምዱ አልቆ ወደ ፔጅ 0 ስንመለስ ፔጅ 0 ከወጣ ቆይቷል። ስለዚህ ሁሉም ንባብ ሚስ ነው። ሂት ሬሾው 0።

```
EAT = 5 + 80 + 1 × 80
    = 165 ns
```

ንባቡ በጠቅላላ 1,048,576 ነው። ረድፍ በረድፍ ሲሄድ 89.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ዓምድ በዓምድ ሲሄድ 173 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። የተደመሩት ቁጥሮች ያው ናቸው፣ ድምሩም ያው ነው። የተቀየረው የልጁ አካሄድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው። በሁለተኛው ከእያንዳንዱ መደርደሪያ አንድ አንድ ዕቃ ያነሳል፤ ተመልሶ እስኪመጣ ማስታወሻው ላይ የጻፈው ተሰርዟል።

እውነተኛ ማሽን ላይ ልዩነቱ ልክ በዚህ ቁጥር አይመጣም። ካሽ አለ፣ ፕሮሰሰሩ ቀድሞ የሚያመጣው ዳታ አለ፣ ኮምፓይለሩም ሉፑን ሊያገላብጠው ይችላል። ግን ዓምድ በዓምድ መሄድ ቲኤልቢን እንደሚጎዳ እዚህ በግልጽ ይታያል።

ፈተና ላይ የፔጅ ቁጥሮች ዝርዝር ተሰጥቷችሁ ሬሾውን አስሉ ከተባላችሁም ዘዴው ይኸው ነው። ቲኤልቢውን በሠንጠረዥ ሳሉ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በተራ አስገቡ፣ ካለ ሂት፣ ከሌለ ሚስ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሂቶቹን ለጠቅላላው አካፍሉ። ሙሉ አድራሻ ከተሰጣችሁ ግን መጀመሪያ ለፔጁ መጠን አካፍላችሁ የፔጁን ቁጥር አውጡ። አድራሻ 8200 በ4096 ሲካፈል 2 ደርሶ 8 ይተርፋል፤ ፔጁ 2 ነው፣ ኦፍሴቱ 8። ቲኤልቢ የሚፈልገው 2ን ብቻ ነው። አድራሻ 9000ም ፔጅ 2 ላይ ስለሆነ፣ ከ8200 ቀጥሎ ቢመጣ ሂት ነው። አድራሻዎቹ ስለተለያዩ ብቻ ሚስ አትበሉት።

ሁለት ጽሑፍ ሁለት መልስ ሲሰጣችሁ

ከጥናት ጓደኛችሁ ጋር የማይገናኝ መልስ ስታገኙ ወዲያው ተሳሳትኩ አትበሉ። ብዙ ጊዜ የሚለያየው የጥያቄው ግምት ነው። በእኛው ቁጥሮች ላሳያችሁ።

ጥያቄው የቲኤልቢውን ጊዜ ካልሰጠ ወይም «ከቁጥር አይገባም» ካለ 5ቷን ከሁለቱም መንገድ አውጡ። ሂት 80፣ ሚስ 160 ይሆናል፤ መልሱ 88።

ጥያቄው ቲኤልቢና ፔጅ ቴብል አብረው በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ ካለ፣ ሚስ ሲሆን የ5ቱ ፍለጋ በ80ው ውስጥ ተሸፍኖ ያልፋል። ሂት 85፣ ሚስ 160፤ መልሱ 92.5። ከ93 ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው። ግን ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ሁለቱም አብረው ሊቀርቡ ይችላሉ።

ጥያቄው ከሚስ በኋላ ቲኤልቢው ተሞልቶ ፍለጋው ከመጀመሪያው ይደገማል ካለ፣ ሚስ ላይ አንድ 5 ይጨመራል። 170 ይሆናል፤ መልሱ 93.5።

እንግዲህ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ቃላት ፈልጉ፦ «በአንድ ጊዜ»፣ «ከቁጥር አይገባም»፣ «ይደገማል»። አንዳቸውም ከሌሉ በደረጃ 2 እና 3 እንደጻፍነው በተራ ነው ብላችሁ ሥሩ። ግምታችሁንም ከመልሱ በላይ በአንድ መስመር ጻፉ። አራሚው ሐሳባችሁን ያይላችኋል።

ፔጅ ቴብሉ ከአንድ ደረጃ በላይ ሲሆን

አንዳንዴ መዝገቡ ራሱ መዝገብ አለው። የመጀመሪያው መዝገብ ሁለተኛው የት እንዳለ ይናገራል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። እያንዳንዱ አንድ ጉዞ ነው። የተለመደው የ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ፔጂንግ አራት ደረጃ አለው። ስለዚህ ሚስ ሲሆን አራት ጉዞ ለመዝገቦቹ፣ አንድ ጉዞ ለዕቃው፦

```
hit  = 5 + 80       = 85 ns
miss = 5 + 4×80 + 80 = 405 ns
EAT  = 0.90 × 85 + 0.10 × 405
     = 76.5 + 40.5
     = 117 ns
```

የሂቱ መንገድ አልተነካም። ደረጃው ቢበዛም ኪሱ ውስጥ ከተገኘ ያው አንድ ጉዞ ነው። ደረጃውን ሂቱ ላይ አትደምሩ።

ወደኋላ ማስላት

«ኢፌክቲቭ አክሰስ ታይሙ ከ90 ናኖ ሰከንድ እንዳይበልጥ ሂት ሬሾው ቢያንስ ስንት ይሁን?» ቢባል የደረጃ 5ን አጭር ፎርሙላ ተጠቀሙ። ወደ አንድ ደረጃው ፔጅ ቴብል ተመልሰናል።

```
5 + 80 + (1 - h) × 80 = 90
(1 - h) × 80 = 5
1 - h = 0.0625
h = 0.9375
```

ቢያንስ 93.75 በመቶ። «ከ84 እንዳይበልጥ» ብትባሉስ? ስሌቱ ከ1 የሚበልጥ ሂት ሬሾ ይሰጣችኋል። ያ ማለት አይቻልም ማለት ነው፤ ሁሉም ሂት ቢሆን እንኳ 85 ነው። እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ደንግጣችሁ አትሰርዙት። መጀመሪያ ስሌቱን ፈትሹ፣ ትክክል ከሆነ «አይቻልም» ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

አብዛኞቹን በየደረጃው ጠቅሻለሁ። የቀረ አንድ ትልቅ አለ፤ ቲኤልቢ ሚስን ከፔጅ ፎልት ጋር ማምታታት። ቲኤልቢ ሚስ ማለት ኪሱ ውስጥ የለም፣ ዕቃው ግን መጋዘኑ ውስጥ አለ ማለት ነው። ፔጅ ፎልት ማለት ዕቃው መጋዘኑም ውስጥ የለም፣ ከዲስክ ይምጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው በናኖ ሰከንድ ይለካል፣ ሁለተኛው በተለመደው ተሽከርካሪ ዲስክ በሚሊ ሰከንድ። 1 ሚሊ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ናኖ ሰከንድ ነው። መልሳችሁ በድንገት በሺዎች ወይም በሚሊዮን ከሆነ ይህን ፈትሹ። ጥያቄው ስለ ዲስክ ምንም ካላለ ሁሉም ፔጅ ሜሞሪ ውስጥ አለ ብላችሁ ያዙ።

ሌላው የ«ሚስ ሬሾ» ጉዳይ ነው። ጥያቄው «ሚስ ሬሾው 2 በመቶ ነው» ሲል 0.02ን በሂት ቦታ የሚያስገባ አለ። መልሱ ወደ ሚሱ ዋጋ ተጠግቶ ካገኛችሁት እዚያ ጋ ተመለሱ።

በኮምፒውተር ማረጋገጥ

የሠራችሁትን በፓይተን መፈተሽ ትችላላችሁ። k የፔጅ ቴብሉ ደረጃ ብዛት ነው።

```python
def eat(h, e, m, k=1):
    hit = e + m
    miss = e + (k + 1) * m
    return h * hit + (1 - h) * miss

print(round(eat(0.90, 5, 80), 2))
print(round(eat(0.90, 5, 80, k=4), 2))
```

የመጀመሪያው 93.0፣ ሁለተኛው 117.0 ማተም አለበት።

ሊኑክስ ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ፕሮግራም ሂት ሬሾ መለካት ይቻላል። የደረጃ 7ን ሁለት ሉፖች በሁለት ፋይል ጽፋችሁ ያለ ማሻሻያ ኮምፓይል አድርጉ፣ ከዚያ በ`perf` አስኪዱት፦

```
gcc -O0 row.c -o row
perf stat -e dTLB-loads,dTLB-load-misses ./row
```

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ስታካፍሉ ሚስ ሬሾ ይመጣል። ከ1 ቀንሱት፣ ሂት ሬሾ ነው። ለዓምዱም እንዲሁ አድርጉና አወዳድሩ። እዚህ የምታገኙት በወረቀት ካሰላነው 0 በመቶ በጣም ይርቃል። ምክንያቱ `-O0` ሲሆን i፣ j እና `sum` ራሳቸው በየዙሩ ከሜሞሪ ይነበባሉ፤ እነሱ ያሉበት ፔጅ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ሂቱን ያበዙታል። በዚያ ላይ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሁለተኛ፣ ሰፋ ያለ ቲኤልቢ አላቸው። ስለዚህ ሬሾውን ብቻ ሳይሆን የሚሶቹን ብዛት ከሁለቱ ፕሮግራሞች ጎን ለጎን ተመልከቱ።

ቨርችዋል ማሽን ውስጥ ከሆናችሁ `<not supported>` የሚል ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ስሕተቱ የእናንተ አይደለም፤ ቆጣሪው ለቨርችዋል ማሽኑ አልተከፈተም። በቀጥታ የተጫነ ሊኑክስ ላይ ሞክሩት።